ዙሌይካ የነካቻት ላም

እትዬ ዙሌይካን ባፏ የለካት ሰው ተሳስቷል። አፏስ ስለት ነበር፤ እኔን ራሴን ስንት ቀን አስለቅሳኛለች። ከሐይቅ ከተማ በላይ ባለው ዳገት ላይ አጥራችን ካጥሯ ተያይዞ ነው የኖርነው፤ እሷ ለሰላቷ ስትነሳ እኛ በእስጢፋኖስ ደወል እንነሳለን። ባሏ ከሞተ በኋላ በአንዲት ላም ነበር ቤቷን ያቆመችው። ጠዋት ጠዋት፣ ከማለቧ በፊት፣ የላሟን ግት በመዳፏ ስትዳብስ ባጥሩ ቀዳዳ አያት ነበር። እናቴ ጸዳለ «ይቺ ሴትዮ ላሟን እንደ ሙሽራ ታሻሻለች» ብላ ትስቅባት ነበር። እኔም አብሬ እስቅ ነበር፤ አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል።

ነገሩ የሆነው በሰባ ዘጠኝ ዓመተ ምሕረት፣ በፍልሰታ ነው። በሰባ ሰባቱ ድርቅ ከብቱ ሁሉ አልቆብን፣ ግንባሯ ነጭ የሆነችውን ቦራን እንደገና የገዛናት በስንት መከራ ነበር። ባሌ ለውትድርና ተወስዷል። የሁለት ዓመቱ ልጄ አሻግሬ እህል አልስማማው ብሎ በቦራ ወተት ነበር የሚኖረው። ቦራ ከነጠፈች ልጄን በምን እንደማሳድገው አላውቅም ነበር።

በዚያ ሳምንት አሻግሬ ወተቱን እምቢ አለ። ቀምሶ ፊቱን ያጨማድዳል። «ጠገበ፣ ጌታ ሆነ» አልኩት፤ ቆነጠጥኩትም። እኔና እናቴ ጾመኞች ነን፤ ወተቱን ባፋችን አናደርሰው። ጣዕሙ መለወጡን የሚያውቅ ያ አፍ ያልፈታ ልጅ ብቻ ነበር።

አንድ ጠዋት እናቴ ልታልብ ጥጃውን ለቀቀችው። በኛ አገር ወተቱ እንዲወርድ ጥጃው ቀድሞ ይጠባል፤ ከዚያ ተስቦ ይታሰራል። እትዬ ዙሌይካ የተዋሰችውን ወንፊት ልትመልስ በዚያው ሰዓት ገባች። እናቴ ፈጥና ማለቢያውን በነጠላዋ ሸፈነችው። በኛ ዘንድ ወተትና ግት ለሰው ዓይን አይጋለጥም፤ የጎረቤት ላም ጡት አይቶ መናገርማ ጠብ ነው።

እትዬ ዙሌይካ ወንፊቱን እንደያዘች ቆመች። ጥጃው ሦስቱን ጡት ጠባ ጠባ አድርጎ፣ የቀኝ የኋላውን ሲነካው ቦራ እግሯን አነሳች። ጥጃውም ተወው።

 በኋላ እንደነገረችኝ፣ ያን ጊዜ ስለ ቦራ ብቻ አልነበረም የምታስበው። ተናግራ ቦራ ብትብስባት «ዓይነ ክፉዋ ዙሌይካ በላቻት» መባሏ ነው፤ እንዲህ የተባለች ሴት ደግሞ በመንደሩ ሠርግም ለቅሶም አትጠራም። ዝም ብትል ግን የሚሆነውን ታውቀዋለች።

«ማሻአላህ» አለች መጀመሪያ። ቀጥላ፣ «አንቺ ጸዳለ፣ ያቺን ጡት ጥጃሽ ስንት ቀን ሆነው ከተዋት?»

የእናቴ ፊት ጠቆረ። «የሰው ላም ጡት ምን አስቆጠረሽ?»

«የላሜን ሕመም እኔው ነኝ የደበቅኩት» አለች እትዬ ዙሌይካ፤ ድምጿ እንደ ወትሮው አልነበረም። «ዓይን ነው ብዬ ቅቤ ቀብቼ፣ ክታብ አስሬ ሳምንት ተቀመጥኩ። አንዱ ጡቷ እንደ ድንጋይ ደርቆ ቀረ። በመጀመሪያው ቀን ብትጠሪኝ አድንልሽ ነበር ያለኝ የከብት ሐኪሙ ነው። ተቆጪኝ፤ ግን ልዳብሳት።»

 እኔ የአሻግሬ ፊት መጨማደድ ትዝ አለኝና «ወተቱን እምቢ ካለ ሦስት ቀኑ ነው» ብዬ ተናገርኩ። እናቴ አየችኝ። ከዚያ ከመቀመጫዋ ተነስታ ቦታውን ለቀቀችላት።

እትዬ ዙሌይካ እጇን በሳሙና ታጠበች። «ቢስሚላህ» ብላ የእጇን ጀርባ በአራቱም ጡት ላይ ተራ በተራ አስጠጋች። የእኔንም እጅ ይዛ አስነካችኝ። ሦስቱ ለስላሳ ናቸው። የቀኝ የኋላው ይሞቃል፣ ከሥሩም ጠጠር ብሏል። ጥቁር የሸክላ ጻሕል አስመጣችና ከየጡቱ ሁለት ሦስት ጊዜ አለበችበት፤ የታመመውን መጨረሻ። የሌላው ንጹሕ ነበር። የዚያኛው ግን ቀጠን ብሎ፣ በጥቁሩ ላይ እንደ አይብ ፍርፋሪ ያለ ነገር ተንሳፈፈ።

«ይኸው። የመጀመሪያውን ጥጃው ይውጠው ነበር፤ እሱ ሲተወው ደግሞ ከሌላው ወተት ይደባለቃል፤ እናንተ በምን ታዩታላችሁ?» አለች።

እናቴ ጻሕሉን አንስታ ልትቀምሰው ስትል እትዬ ዙሌይካ እጇን ያዘቻት። «አይቀመስም። ዓይን ይበቃል። ደግሞም ጾም ነሽ።» እናቴ ሳታስበው ፈገግ አለች።

ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ ነው። እትዬ ዙሌይካ ጨርቅ በሙቅ ውሃ እየነከረች ግቱን አሞቀች፤ የታመመውን ጡት ቀስ እያለች እስከ መጨረሻው አለበችው። ቦራ ሁለት ጊዜ ረገጠቻት፤ አልሰደበቻትም፤ እኔ ብሆን ትሰድበኝ ነበር። ያንን ወተት ለጥጃውም ለውሻውም ከለከለች፤ ከበረቱ ርቀን ጉድጓድ ቆፍረን አመድ ደፋንበት። በክረምቱ ጭቃና አዛባ የላቆጠውን በረት እናቴ ጠርጋ ደረቅ ገለባ አነጠፈችበት። «ቀኑን ሙሉ በየሁለት በየሦስት ሰዓቱ የታመመውን ጡት አራግፋችሁ እለቡት። ደህናዎቹን ቅድሚያ፣ ይህን መጨረሻ፤ እጃችሁን ሳትታጠቡ ሌላ እንዳትነኩ» አለችን። ወደኔ ዞራ፣ «አንቺ ደግሞ ምን ትጠብቂያለሽ? ወደ ሐይቅ ውረጂ። በኛ እጅ ያለው ሰበብ እዚህ ድረስ ነው፤ መድኃኒቱ ከብት ሐኪሙ ዘንድ ነው። ሳይቃጠል በቅጠል!»

ልጄን አዝዬ ወረድኩ። «ሐኪሙ» የምንለው የከብት ጤና ረዳት ሙሉጌታ ከሰዓት በኋላ አብሮኝ ወጣ። ዳሰሰ፣ ጻሕሉን አየ፣ በጡቱ ቀዳዳ የሚገባ መድኃኒት ጨመረላት፤ ለሚቀጥሉት ቀናትም ሰጠን። መድኃኒቱ ካለቀ በኋላም ሦስት ቀን እስኪሞላ ከአራቱም ጡት የሚታለበው እንዳይጠጣ አስጠነቀቀን። «በጊዜ ያያት ማነው?» ብሎ ጠየቀ። እናቴ አጎንብሳ ገለባውን ማስተካከል ቀጠለች። በዚያን ቀን ቅዳሴው አመለጣት፤ «እመቤቴ ታውቃለች» ብቻ አለች።

አሻግሬ በነዚያ ቀናት የእትዬ ዙሌይካን ላም ወተት ጠጣ። ጠዋት ጠዋት በአጥሩ ላይ ታቀብለኛለች፤ «ለዚያ ለጉረኛ ልጅሽ» ትላለች። በሳምንቱ ጠጣሩ ለሰለሰ። ፍርፋሪውም ጠፋ። መንደሩ ግን ዝም አላለም፤ «ዙሌይካ ነክታት ነው የታመመችው» የሚል ወሬ ውኃ ከምንቀዳበት ሰማሁ። ለእናቴ ነገርኳት። ሰምታኝ ወደ ቦራ በረት ገባች።

የፍልሰታ ፍቺ ዕለት የመንደሩ ሴቶች በደጃችን ሲያልፉ እናቴ ቦራን ከበረት አውጥታ መንገድ ዳር አሰረቻት። በአጥሩ ላይ «ዙሌይካ፣ ነይ ዳብሺልኝ» ብላ ጮኸች። እትዬ ዙሌይካ መጥታ ቆመች፤ ሴቶቹን አየች፣ እናቴን አየች። አፏን ለመጀመሪያ ጊዜ ቃል ሲያጥረው ያየሁት ያን ቀን ነው። ከዚያ እጇን ታጥባ፣ «ቢስሚላህ» ብላ፣ በሁሉም ፊት አራቱን ጡት አንድ በአንድ ዳበሰች።

ቦራ እግሯን አላነሳችም። እናቴ አልባ ስትጨርስ ማለቢያውን ለእትዬ ዙሌይካ አስያዘቻት። ነጠላዋ ትከሻዋ ላይ ነበር፤ ወተቱን አልሸፈነችውም።