የካፒቴኑ ሊፍትና የሚጢጢ ምሳ

ስለ ካፒቴን የሚጠይቀኝ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚለኝ «እውነት ልጁን ሊፍት ውስጥ ነበር የሚያበላት?» ነው። አዎ፣ እውነት ነው። የሕንጻውን ደረጃ የማጸዳው እኔ ነኝ። ሊፍቱ በምሳ ሰዓት ለሰው አልቆም ሲል፣ አሥራ አንዱን ፎቅ በእግሩ የሚወጣው ሁሉ ጭቃውን የሚያራግፈው እኔው የወለወልኩት ላይ ነው። ከኔ በላይ ምስክር ከየት ይመጣል?

ካፒቴን የሊፍታችን ሠራተኛ ነው። ሊፍቱ የድሮ ነው፤ የብረት ፍርግርግ በር አለው፣ በሩን የሚስብለትና እጀታውን የሚያዞርለት ሰው ይፈልጋል። ካፒቴን ያልነው፣ መርከብ የሚነዳ ይመስል «ሦስተኛ ፎቅ! ወራጅ አለ?» እያለ ስለሚጮኽ ነው። የሚኖረው ምድር ቤት፣ ከሥራው ጋር በተሰጠችው አንድ ክፍል ነው። ያገባው ዘግይቶ ነው፣ ልጅም ተስፋ ከቆረጠ በኋላ ነው ያገኘው። ሚስቱ ልብስ ፋብሪካ ስለምትሠራ በጠዋት ትወጣለች። ልጅቷ፣ ሚጢጢ የምንላት፣ ቀኑን የምትውለው ከሱ ጋር ነው።

ሚጢጢ እስከ አንድ ዓመቷ የሰጧትን ሁሉ ትበላ ነበር። ሁለት ዓመት ሲሆናት አፏን ዘጋች። ካፒቴን ያላደረገው የለም። ለመናት፣ ዘፈነላት፣ ተቆጣት፣ «ይህን ከጨረስሽ ብስኩት» አላት። ብስኩቱን ትበላለች፣ ምሳውን አትነካም። አንድ ቀን እንዲህ ሲታገል ደወል ተደወለ። ልጁን በአንድ እጁ፣ ማንኪያውን በሌላው እንደያዘ ሊፍቱን ወደ ስድስተኛ ፎቅ አወጣው። በሩን ሲስበው ጡረተኛው ዳኛ ፊታቸው በሙሉ በመላጫ ሳሙና ተሸፍኖ ቆመዋል። ለካ ውሃ ሄዶባቸው ነው። ሚጢጢ በድንጋጤ አፏን ከፈተች። ካፒቴንም ማንኪያውን አጎረሣት!

ኧረ ምን አለ ያን ቀን ውሃ ባይጠፋ!

ከዚያ ወዲያ ምሳ ማለት ሊፍት ሆነ። በየፎቁ አንድ ማንኪያ። በሩ ሲከፈት የሚያስደንቅ ነገር ከሌለ አፍ አይከፈትም። ካፒቴን ሊፍት የሚሳፈረውን ነዋሪ ሁሉ «አፈር ስሆን፣ ለልጅ ነው» እያለ ለመነ። ሰው ደግሞ ለልጅ ሲባል ምን ቆርጦት እምቢ ይላል? ሦስተኛ ፎቅ ያለው የሒሳብ ባለሙያ እንደ ዶሮ ይጮኻል። ዘጠነኛ ፎቅ ያለው ሙዚቀኛ ትራምፔት ይነፋል። ሰባተኛ ፎቅ ያለችው መምህርት ባሏን ቀሚስ አልብሳ ታቆመዋለች። ዳኛው፣ ስንቱን ሲፈርዱ የኖሩ ትልቅ ሰው፣ ምላሳቸውን እስከ አገጫቸው ያወጣሉ። ሳህኑ በአሥራ አንድ ማንኪያ አያልቅም፤ እንደገና ቁልቁል፣ እንደገና ሽቅብ። ምሳውን ሊበላ የመጣ ሰው ምድር ቤት ተሰልፎ ሰዓቱን ያያል። እኔ ደግሞ ደረጃው ላይ ከመወልወያዬ ጋር እራገማለሁ።

አስተዳዳሪው ሁለት ጊዜ አስጠነቀቀው። በሦስተኛው ቁርጡን ነገረው፦ «ወይ ምሳው ከሊፍቱ ይወጣል፣ ወይ አንተ ከሥራው። ክፍሏንም ታስረክባለህ።»

ካፒቴን እኔ ጋ መጥቶ ባልዲዬን ገልብጦ ተቀመጠበት።

«እትዬ፣ ከሊፍቱ ባወጣት በረሃብ ትሞትብኛለች። ካላወጣኋት ሦስታችንም መንገድ ላይ ነን። ምን ላድርግ?»

«እኔ ምን አውቄ» አልኩት። «የኔ ልጆች እኔን ራሴን ሊበሉኝ ነበር የደረሱት።»

እንደዚያ ማለቴ እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል። ሰውየው ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር።

ሐሙስ ቀን፣ ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ፣ አስተዳዳሪው በእጁ ትልቅ ፖስታ ይዞ ሊፍቱ ውስጥ ገባ። ምን እንዳለበት ሁላችንም አውቀናል። እኔም ጉዱን ልይ ብዬ ባልዲዬን ይዤ ተከተልኩት። ካፒቴን በሩን ዘጋ፣ ሚጢጢን ዱካዋ ላይ አስቀመጠ፣ ሳህኑን ጭኑ ላይ አደረገ። ምሳው ሩዝ፣ በደንብ የተቀቀለ ካሮትና እንቁላል ነበር። አስተዳዳሪው ጉሮሮውን ጠረገ። ልክ አፉን ሊከፍት ሲል ሊፍቱ «ቋ!» ብሎ በአምስተኛና በስድስተኛ ፎቅ መካከል ቆመ።

እጀታው ቢዞር አይንቀሳቀስም። ስድስተኛ ፎቅ ወለሉ ትከሻችን ላይ ነው፤ በፍርግርጉ በኩል የሰው እግር ይታየናል። ዳኛው መጥተው በሆዳቸው ተኙና ቁልቁል አዩን።

«የሊፍቱ ጠጋኝ ተጠርቷል፣ አንድ ሰዓት ይፈጃል» አሉ። ከዚያ ሚጢጢን ሲያዩ፣ ለመርዳት ብለው፣ ምላሳቸውን አወጡ። ልጅቷ ግን በር ስላልተከፈተ አፏን አልከፈተችም።

ካፒቴን ላብ በላብ ሆነ። «ሰዓቷ አለፈ! ሰዓቷ አለፈ!»

በዚህ መሀል አስተዳዳሪው ሆዱን ይዞ ቁጭ አለ። ጨጓራ አለበት፣ ቁርስም አልበላም። ካፒቴን ደግሞ ክፉ ሰው አይደለም፤ ሊያባርረው ደብዳቤ ለያዘ ሰው ሳህኑን ዘረጋለት። «ብሉ ጌታዬ። ከዚህኛው ወገን ብቻ ይብሉ፣ ለሷ የሚሆን ይተርፋል።»

አስተዳዳሪው በላ። ወፍራም ሰው ነው፣ አበላሉም እንደ ሰውነቱ ነው። ግማሹ ጋ ሲደርስ ማንኪያውን አስቀመጠ። «እግዜር ይስጥልኝ፣ ጠገብኩ።»

ካፒቴን የለመደ እጁ አላረፈም። ማንኪያውን ሞልቶ ወደ አፉ አቀረበለት። «አንድ ብቻ፣ በሞቴ።»

«ጠገብኩ እኮ አልኩ።»

«አፈር ስሆን! ምንም አልበሉ!»

ማንኪያው ሲጠጋ አስተዳዳሪው ከንፈሩን ጥርቅም አድርጎ ዘጋና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ማንኪያው ተከተለው። ወደዚያኛው ግድግዳ ዞረ። ማንኪያው እዚያም ደረሰ። በመጨረሻ ያ ትልቅ ሰው፣ ክራባቱን እንዳሰረ፣ ማንኪያውን በእጁ መታው። ሩዙ ባልዲዬ ውስጥ ገባ።

ከላይ ከት ብሎ የሚስቅ ድምፅ ሰማን። ሲስተር ናት። ጤና ጣቢያ ሕፃናት የምትመዝን ነርስ ናት፣ አንደኛ ፎቅ ነው የምትኖረው። ሊፍት ስለምትፈራ ገብታበት አታውቅም፣ በምሳ ሰዓትም ሥራ ላይ ናት፤ ለዚህ ነው ስለዚህ ሁሉ ጉድ ያልሰማችው። ያን ቀን ግን ዕረፍት ወጥታ ነበር። ጩኸቱን ሰምታ በደረጃው ወጥታ ዳኛው አጠገብ ተንበርክካለች፤ ነገሩን ሁሉ እሳቸው ነግረዋታል።

«ካፒቴን፣ ያ ሳህን የማን ነው?»

«የኔ፣ እኔ የምበላበት።»

«አስተዳዳሪያችን ያቃታቸውን ነው ሚጢጢ ጨርሺ የምትላት?»

ካፒቴን ሳህኑን አየ። አስተዳዳሪውን አየ። ዱካዋ ላይ እግሯን የምታወዛውዘውን ልጁን አየ። አፉን ከፍቶ ቀረ፤ ያን ጊዜ ማንኪያ ቢኖረኝ እኔ አጎርሠው ነበር።

«ከጠዋት ጀምሮ ምን ቀመሰች?» አለች ሲስተር።

«ምንም! ወተት በጡጦ ብቻ። ሁለት ጡጦ። ከሦስተኛ ፎቅ ብስኩት፣ ከሰባተኛ ጭማቂ፣ ከዘጠነኛም...» እያለ ድምፁ እየሰለለ ሄደ።

«ታዲያ ሆዷ ምን ቦታ ቀረው? ስማኝ። ባለፈው ሳምንት ራሴ መዝኛታለሁ፤ መስመሯን ይዛ እያደገች ነው። ልጅ ከአንድ ዓመት በኋላ እድገቱ ዝግ ስለሚል ፍላጎቱም ይቀንሳል። ደግሞ እያሳቁ፣ እያስደነገጡ ማጉረሥ ትንታ ያመጣል። የሕንጻው ሰው ሁሉ ዛሬውኑ ያቁም።»

ዳኛው ምላሳቸውን ቀስ ብለው ሰበሰቡ።

«ከሩዙ ሁለት የሾርባ ማንኪያ አውጣላት። ከካሮቱ ሁለት፣ በደቃቁ ቁረጠው። እንቁላል ቁንጥር ይበቃል።»

«ይሄ ለወፍ ነው!»

«ካነሳት ትጠይቃለች። ምን እንደሚቀርብ፣ መቼና የት የምትወስነው አንተ ነህ። መብላት አለመብላቷንና ልኩን እሷ ትወስናለች።»

የሚያወጣበት ትንሽ ሳህን አልነበረም። ዞር ዞር ሲል ዓይኑ ፖስታው ላይ አረፈ። አስተዳዳሪው የሰውየውን ምሳ በልቶ እንዴት እምቢ ይላል፣ ዘረጋለት። ካፒቴን የራሱን ማሰናበቻ ወለሉ ላይ አንጥፎ ሩዝና ካሮት ደረደረበት።

«አሁን ማንም እንዳያያት» አለች ሲስተር። «እናንተም የቀረውን ብሉ፣ ሌላ ወሬ አውሩ።»

ምን ይወራል? አስተዳዳሪው ስለ ውሃ ቧንቧ ጀመረ። እኔ ስለ መወልወያ ዋጋ ቀጠልኩ። ዳኛው ፊታቸውን ወደ ግድግዳ እንዲያዞሩ ስለታዘዙ ለግድግዳው ስለ ጉልበታቸው ሕመም አወሩለት። ካፒቴን ካሮት ያኝካል፣ ያንኑ አንዱን እንደገና ያኝካል። ግንባሩ ላይ ያለው ሥር ሲመታ ይታየኛል።

ሚጢጢ ካሮቱን በጣቷ ነካችው። አሸተተችው። አፏ ውስጥ ከተተችው። ሁለተኛ፣ ሦስተኛ። ከሩዙ በእፍኟ አነሳች፤ ግማሹ አፏ፣ ግማሹ ጉልበቷ ላይ ሄደ። እንቁላሉን ቀመሰችና ተፋችው። ከዚያ ፖስታውን ገፋችው።

የካፒቴን እጅ ወደ እንቁላሉ ሄደ።

«ተው!» አለች ሲስተር። «ሌላ ቀን ቁንጥር አድርገህ ታስቀምጥላታለህ። አሥር፣ አሥራ አምስት ጊዜ ዓይተው የሚለምዱት ምግብ አለ።»

እጁ አየር ላይ ቀረ። እኔ ያዝኩለት። እውነቴን ነው፣ እንደዚያ የሚያሳዝን እጅ አይቼ አላውቅም።

ጠጋኙ ሲያስወጣን አስተዳዳሪው ቅባት የጠጣውን ፖስታ በሁለት ጣቱ አንስቶ አየው። «ይህ አይሰጥም» አለ። «ሌላ እጽፋለሁ። ሰኞ ሊፍቱ ውስጥ ማንኪያ ካየሁ ግን ጽፌ አመጣለሁ።»

ካፒቴን ምሳዋን ከግርግሩ በኋላ፣ ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ፣ ክፍሉ ውስጥ አደረገ። ትንሽ ሳህን ገዛ። ጡጦው ቀረ፣ በየፎቁ ብስኩት መስጠትም ተከለከለ፤ መክሰሷ በሰዓቷ ሆነ። አብሯት ተቀምጦ የራሱን ይበላል። አንዳንድ ቀን ምንም ሳትነካ ትነሳለች። ያን ቀን ካፒቴን ወጥቶ ሊፍቱን ሲነዳ «አራተኛ ፎቅ» ማለት እንኳ ይሳነዋል።

ችግሩ የሕንጻውን ሰው ልማዱ አልለቅ አለ! የሒሳብ ባለሙያው በር ሲከፈት ሳያስበው ይጮኻል። ከመንግሥት የመጣው የእሳት አደጋ ተቆጣጣሪ ስድስተኛ ፎቅ ሲደርስ የዳኛው ምላስ ተቀበለው። የመምህርቷ ባል ደግሞ ቀሚሱ ይመቸኛል ብሎ አላወልቅም አለ አሉ። ሰኞም ሌላ ሰኞም አለፈ፣ አስተዳዳሪው ደብዳቤ አላመጣም።

አንድ ቀን እኔም ምሳዬን ይዤ እነሱ ጋ ተቀመጥኩ። ሩዝ፣ ድንች፣ ያችው የእንቁላል ቁንጥር። ማንም ምንም አላላትም። ሚጢጢ ሩዙን በላች፣ እንቁላሉንም ዋጠች፣ ባዶውን ሳህን አንስታ ወደ አባቷ ዘረጋች።

«አባ፣ ጨምር።»

ካፒቴን ማንኪያውን አነሳ። እንደ ድሮው ሊሞላው ሲል እጁን ገታ። ሁለት ማንኪያ ብቻ አወጣላትና ፊቱን ወደኔ አዞረ፤ እንባው አገጩ ድረስ ወርዷል። ውጭ ደወሉ ከአሥራ አንደኛ ፎቅ ይጮኻል።

«ሂድ፣ እኔ አለሁ» አልኩት።

«እሄዳለሁ» አለና፣ ሚጢጢን ሲያባብል ስንት ወር ሙሉ ምሳውን ቀዝቅዞ ሲበላ የኖረው ሰው፣ ቁጭ እንዳለ የቀረችውን ሁለት ጉርሻ በትኩሱ ጨረሰ። ከዚያ አፉን ጠርጎ ወደ ሊፍቱ ሄደ።