የዳንቴሏ ርግብ

የትምህርት ቤት ደጃፍ ረግጬ አላውቅም። ማንበብ የተማርኩት ከደባርቅ ወደ ቡይት ራስ በቅሎ እየነዳሁ፣ ከጭነት ካርቶን ላይ ነው። የፈረንጆችን ካርታ ከመንገድ መሪዎቹ ቀድሜ እረዳ ነበር። ሬዲዮ መጠገን ማንም አላስተማረኝም፤ ፈትቼ ገጥሜ አወቅሁት። ይህን የማነሣው ጭንቅላቴ ለምን እንዲያ አብጦ እንደነበር እንዲታወቅልኝ ነው።

ባለቤቴ ለደብራችን እመቤታችን ሥዕል የዳንቴል መጋረጃ ተስላ ነበር፤ ለኅዳር ጽዮን የሚደርስ። መስከረም ላይ ቀኝ ጎኗ ሞተ፣ አንደበቷም ተያዘ። መጋረጃው ከታች ጥቂት ተሠርቶ አልጋዋ ሥር ቀረ። እሷም ግራ እጇን እየሰደደች ትዳብሰዋለች፣ እንባዋ ይወርዳል። ስለቷን ሳታደርስ እንዳትሞት ፈርታ እንደሆነ ለመረዳት ቋንቋ አላስፈለገኝም።

በሰፈሩ ዳንቴል የሚሠሩ ሴቶች ሞልተዋል። ግን የተሠራውን እያዩ ነው የሚቀዱት፤ ከንድፍ ወረቀት እያነበበች የምትሠራው እሷ ብቻ ነበረች። ስለዚህ የኪሮሽ መርፌውን እኔ አነሣሁ።

ወረቀቷ በአራት ማዕዘን ቤቶች የተሞላች ናት፣ ወርዷ አርባ ቤት፤ መሐሏ ላይ በጠቆሩ ቤቶች ርግብ ተሥላለች። ባዶው ቤት ክፍት ይሠራል፤ አንድ ቋሚ፣ ሁለት ሰንሰለት፣ ከሥር ካለው መስመር ሁለት ዓይን፣ ማለትም ሁለት የክር ቀለበት፣ ዘሎ ሌላ ቋሚ። የጠቆረው ቤት ላይ ግን በሰንሰለቶቹ ፈንታ ሁለት ቋሚ ይገባና ይደፈናል። የአንዱ ቤት መጨረሻ ቋሚ ለሚቀጥለው መጀመሪያ ስለሆነ አርባው ቤት መቶ ሃያ አንድ ዓይን ነው። ንባቡም ከታች ወደ ላይ ይወጣል። ይህን ሁሉ እሷ የሠራችውን ከወረቀቷ ጋር እያስተያየሁ በሁለት ቀን ደረስኩበት።

የጠርዙንና የባዶውን መስመሮች ያለ እንከን ሠራሁ። ሊጠይቋት ለሚመጡት ሁሉ አሳየሁ። ጎረቤታችን፣ የባለቤቴ የልብ ወዳጅ፣ ሳቀችብኝ።

«ጋሼ፣ በቅሎዎቹ ይህን ሳያዩ መሞታቸው ደግ ሆነ።»

«አንቺ ሠላሳ ዓመት ሠርተሽ ወረቀት ማንበብ አልቻልሽም» አልኳት።

«እሱስ ልክ ነዎት። ርግቧ ላይ ሲደርሱ እንገናኝ።»

ርግቧ ጭራዋ ወደ አንድ ወገን፣ ራሷ ወደ ሌላው ነው። እንደ ደረስኩባት ነገሩ ተበላሸ። የጭራዋ ቤቶች አንዱ መስመር ወደ ቀኝ፣ አንዱ ወደ ግራ እያፈነገጡ የማበጠሪያ ጥርስ መሰሉ። በክሩ አሳበብኩ፣ ቀጥሎም በወረቀቱ። ባለቤቴ በግራ እጇ ዳንቴሉን ከጭኔ ላይ ትይዝና ትገለብጠዋለች። እንደገና ዘረጋሁት፣ እንደገና ገለበጠችው።

«ካልወደድሽው ተነሥተሽ ሥሪዋ!» አልኳት።

ይህን ያልኩት መነሣት ለማትችል ሰው ነው። ሥራዬን ይዤ ወደ ውጭው ክፍል ወጣሁ። ሦስት ቀን ከምግብና ከመድኃኒቷ ሰዓት በቀር አልገባሁላትም።

በሦስተኛው ቀን ጎረቤታችን መጥታ አየችው።

«ጋሼ፣ ይህች ርግብ ናት ወይስ ውሻ ያባረራት ዶሮ?»

እሷ ግን አልሳቀችም። «ወረቀቱን ይዘው ይግቡና ይጠይቋት እንጂ። ጆሮዋ ደኅና ነው» አለችኝ።

ገባሁ። ባለቤቴ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ነበር። ወረቀቱን ደረቷ ላይ ስዘረጋላት ቆይታ ዞረች። ጣቷን ከታችኛው መስመር ቀኝ ጫፍ አስነሥታ ወደ ግራ ጎተተችው። ዳንቴሉን ገለበጠች። ከዚያ በላይኛው መስመር ከግራ ወደ ቀኝ ተመለሰች፣ በሬ ትልም ጨርሶ ዞሮ እንደሚመለሰው።

እኔ መስመሩን ሁሉ እንደ ጽሑፍ ከግራ ወደ ቀኝ ነበር ያነበብኩት። በየመስመሩ መጨረሻ ዳንቴሉን እገለብጣለሁ፤ ዓይኔን ግን ከእጄ ጋር አልመለስኩትም። ጠርዙና ባዶው ከሁለቱም ወገን አንድ ዓይነት ስለሆኑ ስሕተቴን ሸፍነውልኝ ኖሯል። እሷ ስትገለብጥብኝ የነበረውም ልታስተምረኝ ነው።

ከርግቧ የሠራሁትን ዘጠኝ መስመር ፊቷ ተረተርኩት። ከዚያ ወዲያ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጬ ሠራሁ፤ ጣቷ ወረቀቱ ላይ ይሄዳል፣ መርፌዬ ይከተላል። ጭራዋ ተስተካከለ፣ ክንፏም ሞላ። አንገቷ ላይ ስንደርስ አንድ ጠዋት ጣቷን አንሥቼ መስመሩ መነሻ ላይ ባኖረው አልተንቀሳቀሰም። ጽዮን ልትገባ አምስት ቀን ቀርቷት ነበር።

ለልቅሶ የመጡ ሰዎች እነሱ ባሉበት መርፌ በመያዜ ያሙኝ ነበር። ይሙኝ።

በእነዚያ ወራት የቻልኩት ይህ ነው፦
ማንም ሳያስተምረኝ ባዶውንና ድፉኑን ቤት ለይቻለሁ።
ዘጠኝ መስመር ተርትሬ አቃንቼ ሠርቻለሁ።
የርግቧን ራስ ብቻዬን፣ መስመሩን በየተራው እያመላለስኩ ጨርሻለሁ።
መጋረጃውን በዋዜማው ለንስሐ አባቷ በስሟ አስረክቤያለሁ።
ስለ ሦስቱ ቀን ይቅርታ ጠይቄያታለሁ፤ የጠየቅኳት ግን ከተገነዘች በኋላ ነው።