ፎቶው ያላሳየው ስብራት

ጋሽ ዝምታ ይሉታል። ፀጉር አስተካካይ ሆኖ ወሬ የማያበዛ ሰው ብርቅ ስለሆነ የወጣለት ቅጽል ስም ነው። ሚስቱን ከቀበረ ወዲህ ዝምታው ከሱቁ አልፎ ቤቱም ገባ። አንዲት ልጅ አለችው፤ እሷም ሩቅ አገር፣ በስልክ ብቻ።

አንድ ጠዋት እርጥብ ደረጃ አዳለጠውና በቀኝ መዳፉ ተመርኩዞ ወደቀ። የሚበላበትም የሚያበላውም እጅ ነው። ሐኪም ቤት የራጅ ፎቶ ተነሣ። ተረኛው ሐኪም ፎቶውን አገላብጦ አየ።

«የተሰበረ አጥንት ነጩ ላይ ጥቁር መስመር ይታይበታል፤ ወይ ጠርዙ ይዛነፋል። የእርስዎ ንጹህ ነው ጋሼ። ወለምታ ነው።»

ቅባት ይዞ ተመለሰ። ግን መቀስ በያዘ ቁጥር ከአውራ ጣቱ ሥር አንዳች ነገር ይወጋዋል። አንዴ የደንበኛ ጆሮ ከመቆረጥ ለጥቂት ተረፈ።

«ፎቶው ደህና ነው አላሉህም እንዴ?» አለው ደንበኛው እየሳቀ። «እርጅና ነዋ!»

ለልጁ ደወለ። «አባዬ፣ ሐኪሙ ደህና ነህ ካለህ ደህና ነህ» አለችው። «ብቻህን ስለምትውል ነው ሕመሙን የምታዳምጠው።»

ከዚያ ወዲህ ለማንም አልተናገረም። ሸሚዙን በግራ እጁ እየቆለፈ «ምናልባት ሰው ፈልጌ ይሆን የሚያመኝ?» ብሎ ራሱን ተጠራጠረ። ሕመሙ ሳይሆን ይህ ጥርጣሬ እንቅልፍ ነሣው።

ሁለት ሳምንት አለፈና፣ እያፈረም ቢሆን ተመልሶ ሄደ። ፎቶ የምታነበው ሐኪም ዕድሜዋ ገፋ ያለ ሴት ነበረች። ወሬውን ሳይጨርስ አውራ ጣቱን ቀና አስደርጋ፣ ሥሩ ላይ ያለችውን ጎድጓዳ ስፍራ በጣቷ ተጫነች። ጋሽ ዝምታ ጮኸ።

እጁን ወደ ትንሿ ጣት በኩል አዘንብላ በሌላ አቅጣጫ ፎቶ አስነሣችው። ሁለቱን ፎቶዎች ጎን ለጎን አድርጋ አዲሱን አሳየችው፤ በአንዲት ትንሽ የእጅ አንጓ አጥንት ወገብ ላይ ፀጉር የመሰለ ጥቁር መስመር ተጋድሟል።

«ያኔ አልነበረም?»

«ነበር። ግን ሁለቱ ወገኖች ተጣብቀው ስለነበር ፎቶው አላሳየውም። ሲሰነብት ዳርና ዳሩ ይሟሟል፤ ያኔ ይታያል። ለዚህ ነው እዚህ ቦታ ላይ የሚያመውን ሰው፣ ፎቶው ንጹህ ቢሆንም አስረን ደግመን የምናነሣው። ደም ወደዚች አጥንት የሚገባው በአብዛኛው ከአንድ ወገን ነው፤ ሳትታሰር ከቀረች ሌላው ወገን ሊሞት ይችላል። እርስዎ አልዋሹም ጋሼ።»

አይኑ እንባ አቀረረ። ተሰበርክ ተብሎ ደስ ያለው ሰው እሱ ብቻ ሳይሆን አይቀርም።

እስከ ክንዱ በጀሶ ታስሮ ለልጁ ደወለ። «መስመሩ ታየ» አላት። «አባዬ፣ ለምን ደግመህ አልነገርከኝም?» አለችው።

ሱቁ ለወራት ተዘግቶ ከረመ። አጥንቱ ቀስ እያለ ገጠመ፤ አንጓው ግን እንደ ድሮው ሙሉ በሙሉ አይታጠፍም። ሲከፍት ገሚሱ ደንበኛ ሌላ ቤት ለምዶ ነበር። ጠዋት ጠዋት መስታወቱን ወልውሎ፣ ባዶው ወንበር ላይ ራሱ ይቀመጥና መንገዱን ያያል።