በጆሮ የሚቆላ ቡና

አያትየዋ ቡና ስትቆላ ጆሮዋን ወደ መጥበሻው ዘንበል ታደርጋለች። የታጠበው ፍሬ ቢጫ ሆኖ፣ ጠይሞ፣ እየተንጣጣ ወዙ እስኪወጣ ድረስ እጇ ከማማሰያው አይለይም።

«እሳቱን ጨምሪውና እንገላገል፣ እማማ!» አለች የልጅ ልጇ።

«ውጪው ያርና ውስጡ ጥሬ ይቀራል። ይልቅ እንቺ፣ አማስዪ።»

ቡናው ተወቀጠ። ጀበናው ፈልቶ ወረደ፤ አተላው እስኪዘቅጥም ጠበቁ። ልጅቷ ሲኒዋን ወደ አፍንጫዋ አስጠጋች።

«ወይኔ፣ ሲያውድ! በጆሮሽ ከምትለፊ ለምን በመዓዛው አትለዪውም?»

አያትየዋ የተላላጡ ጣቶቿን ቀሚሷ ላይ ጠረገች። በሰው አገር፣ የሰው ደረጃ በበረኪና ስትፈትግ ሃያ ዓመቷ ነው። አፍንጫዋ ሽታ መለየት ካቆመ ሰንብቷል፤ ለማንም ግን ትንፍሽ አላለችም።

«እስቲ አንቺ ንገሪኝ» አለች፤ «ምን ምን ይላል?»