የየሻለም ሁለት ቅንፎች

የሻለምን የማያውቅ ሰው ዝምተኛ ይላታል። ዝም የምትለው ግን ለመስማት ነው። መካነ ሰላም ገበያ መሐል ቆማ፣ ጀርባዋን ለሰዎቹ እንደሰጠች፣ «ይኼ የከላላ ሰው ነው፤ ያቺኛዋ ከአጅባር ወዲህ ናት» ትለኝ ነበር። ሄጄ ስጠይቅ እንዳለችው ነው። እኔ ከእሷ አሥር ዓመት ቀድሜ አማርኛ ማስተማር የጀመርኩ፣ የአማርኛ ትምህርት ክፍል ተጠሪ፣ ለራሴም የማላንስ ሰው ነበርኩ። እንዲህ ዓይነት ጆሮ ግን አልነበረኝም። አሁን ስጽፈው እንኳ ቅናቴ ያቃጥለኛል።

በ1997 ዓ.ም. ሁለታችንም ዲፕሎማ ብቻ ነበረን። ዘጠነኛና አሥረኛን ለማስተማር ዲግሪ ግድ ነው ተባለ፤ በክረምት እየሄዳችሁ ካልጨረሳችሁ ወደ አንደኛ ደረጃ ትወርዳላችሁ። ስለዚህ ክረምት ክረምት ደሴ እየወረድን ተማሪ ሆንን። ከትምህርቶቹ ሁሉ ያስጨነቀን የድምፅ ትምህርት ነው። የሚያስተምሩን ከአዲስ አበባ ለሦስት ሳምንት ብቻ የሚመጡ ሰው ነበሩ። እያንዳንዱን ድምፅ በባሕርያቱ በትነው በሰንጠረዥ አሳዩን። ድምፆቹ ወደ ታች፣ ባሕርያቱ ወደ ጎን፤ ድምፁ ባሕርዩ ካለው መደመር፣ ከሌለው መቀነስ። መሐል ሰፋሪ የለም።

የዓመቱ የቤት ሥራ እንዲህ የሚል ነበር። ሴትን ስናዝዝ መጨረሻ ላይ የምትመጣው «ኢ» አንዳንድ ድምፆችን ወደ ላንቃ ትስባለች፤ «ክፈት» የነበረው «ክፈቺ»፣ «ውሰድ» የነበረው «ውሰጂ» ይሆናል። ከአካባቢያችሁ ተናጋሪ ሰብስቡ፤ ሰንጠረዥ ሥሩ፤ የሚለወጡትን ድምፆች ብቻ፣ ሌላ ሳትጨምሩ፣ አንድም ሳታጎድሉ፣ በጥቂት ባሕርያት በቅንፍ ለዩ።

እኔ በጠረጴዛዬ ተቀምጬ «ተናጋሪ፦ ወይዘሮ አልታዬ» ብዬ ጻፍኩ። አልታዬ የምትባል ሴት አላነጋገርኩም። የሻለም ግን ገበያ ወረደች። በርበሬ የሚሸጡትን እትዬ ዘይነባን «ድረሺ በሉኝ» ብላ ብትጠይቃቸው ተጠንቅቀው እንደሚናገሩ ገብቷታል። ስለዚህ ከጎናቸው በርጩማ ላይ ቁጭ ብላ፣ ከጅዳ የተመለሰች ልጃቸውን ኡምኩልሱምን ሲያዝዙ ታደምጥ ነበር። «አንቺ ኡምኩልሱም! ጆንያውን ያዢ! ያንን ውሰጂ እንጂ፣ ወላሂ አሁንስ ሰለቸሽኝ! ክፈቺው! ቶሎ ድረሺ!» ልጅቱ ከሥራ ይልቅ ስልኳን ትወድ ስለነበር ትእዛዝ አልጎደለም። በሦስት ገበያ አርባ ግሥ ሞላ።

ሰኔ መጨረሻ ላይ የየሻለም እናት ከላላ ውስጥ ታመሙ። ወረቀቷን በእርሳስ እንደጻፈችው ሰጠችኝ። «ጋሼ ፈንታሁን፣ አደራዎን፣ በጊዜው ያስገቡልኝ። እኔ እናቴ ትንሽ ሲሻላት እደርሳለሁ» አለች። በበቅሎ ሄደች።

የዚያን ቀን ከሰዓት ወረቀቷን ከፍቼ ቀዳሁ። ሰንጠረዡን እንዳለ፣ ምሳሌዎቹን ትንሽ ለወጥ እያደረግሁ፣ በእስክሪብቶ፣ በሚያምር ጽሕፈት። አደራ በላ መሆኔ ያን ጊዜም ይታወቀኝ ነበር።

መጨረሻው ላይ ግን የሻለም ሁለት ቅንፍ ጽፋለች። በመጀመሪያው ት፣ ድ፣ ጥ፣ ስ፣ ዝ ነበሩ፤ በምላስ ጫፍ የሚነገሩ፣ ፊተኛ፣ ዜማዊ ያልሆኑ። ፊተኛ ማለት ከላይኛው ጥርስ ጀርባ፣ ከድዱ ሳያልፍ የሚነገር ነው፤ ዜማዊ ማለት ትንፋሹ ሳይታፈንና ሳይፏጭ እንደ ዜማ የሚፈስ። በሁለተኛው ን እና ል፤ እነዚህ በሌላው እንደ መጀመሪያዎቹ ሆነው ዜማዊ ናቸው፣ ግን በአፍ መሐል የሚወጣውን ትንፋሽ ምላስ ይዘጋዋል። ምክንያቷ ር ነበር። ር በምላስ ጫፍ ይነገራል፣ ፊተኛም ነው፤ ግን «ስበሪ» ይላሉ እንጂ አይለወጥም። ትንፋሹ ስለማይዘጋ ከሁለተኛው ቅንፍ ውጭ ይቀራል። አንድ ቅንፍ ብቻ ብትጽፍ ር ሳይጠራ ይገባል።

እኔ ሁለት ቅንፍ ሳይ ሽንፈት መሰለኝ። መምህሩ «ባነሱ ባሕርያት የጻፈ በለጠ» ብለዋላ! ላጲስ አነሳሁ። በየሻለም ሰንጠረዥ የር ረድፍ ላይ «ፊተኛ» ከሚለው ሥር ያለውን መደመር አጥፍቼ መቀነስ አደረግሁ። ሁለተኛውን ቅንፍ ፋቅሁ፤ ከመጀመሪያው «ዜማዊ ያልሆነ» የሚለውን አወጣሁ። በእኔ ወረቀትም ላይ ይህንኑ አደረግሁ። አሁን «በምላስ ጫፍ፣ ፊተኛ» ብቻ በቃ፤ ር ውጭ ቀረ። ሥራው ጠራ፣ አማረም። ረዳኋት ብዬ ራሴን አታለልኩ።

ደሴ በገባሁ በሁለተኛው ሳምንት መምህሩ ብቻዬን ጠሩኝ። ሁለቱን ወረቀት ጎን ለጎን ዘርግተዋል።

«አቶ ፈንታሁን፣ ‹ር› ይበሉ እስቲ።»

«ር።»

«ምላስዎ የት ነካ?»

ጥርሴ ሥር፣ ድዴ ላይ ነበር። ምላሴን አፌ ውስጥ የምደብቅበት አጣሁ።

«እናንተ ግን ከሽ እና ከች ጋር ወደ ኋላ ሰዳችሁታል። ሕጉ እንዲያምር ድምፁን ዋሻችሁበት፤ ስህተት ያጋጥማል። ሁለት ሰው በአንድ ረድፍ፣ በአንድ ምልክት አንድ ዓይነት ውሸት ሲዋሽ ግን መቅዳት ነው። ማን ከማን ቀዳ?»

«የእሷን ያመጣሁት እኔ ነኝ» አልኩ። «ከመሄዷ በፊት የእኔን አይታው ነበር።»

በቃ፣ ይኸው ነው። እኔ በ‹ሲ› ውጤት አለፍኩ። የሻለም ዜሮ አገኘች።

እናቷን ቀብራ፣ ጥቁሯን ለብሳ ስትደርስ መምህሩ ወደ አዲስ አበባ ተመልሰዋል። ግድግዳ ላይ የተለጠፈውን ውጤት አየች።

«ጋሼ፣ ምን ላይ ነው የሳትኩት?»

«ር ላይ ነው አሉ።»

«ር ላይ? እኔ እኮ ሰምቼው ነው።» ከዚያ ለራሷ የምትናገር ያህል «አልሰማሁትም ማለት ነው» አለች። ያን ጊዜ መናገር እችል ነበር። ሻይ እንጠጣ አልኳት።

በዚያ ዜሮ ምክንያት በሚቀጥለው ዓመት ወደ ከላላ፣ ወደ አንደኛ ደረጃ አወረዷት። ለዲግሪው አልተመለሰችም። እኔ ተመርቄ ደመወዜ አደገ፤ የተማሪዎቼን ኩረጃ ስይዝ ድምፄ ከሁሉ ይበልጥ ይጮህ ነበር።

በ2006 ዓ.ም. ለስብሰባ ከላላ ሄድኩ። ቤቷ ደጃፍ ተቀምጣ የተማሪ ደብተር ታርማለች። ወንበር አወጣችልኝ። ከቤተሰብ ወሬ በኋላ እንደ ዋዛ አለችኝ፦ «ገበያ መስማት ትቻለሁ። የሰው ቀዬ እለያለሁ እያልኩ ስንቱን አሳስቼ ይሆን፣ ጋሼ? አንዲቷን ር እንኳ ያልሰማ ጆሮ!»

ዲግሪዋን እንዳስቀረሁባት አውቅ ነበር። ጆሮዋንም እንደወሰድኩባት አላወቅሁም ነበር። አንገቴን ደፍቼ ሁሉንም ነገርኳት፤ ላጲሱን፣ ቅንፉን፣ መምህሩ ፊት ያልኩትን።

«መደመር ነበር የጻፍኩት?»

«መደመር ነበር።»

«ሁለት ቅንፍ?»

«ሁለት ቅንፍ። ልክ ነበርሽ።»

ዓይኖቿን ጨፈነች። «ስበሪ» አለች ቀስ ብላ፤ ደግማ «ስበሪ»። ጣቷን አፏ ውስጥ ከታ ድዷን የምትዳስስ ያህል በጥንቃቄ ነበር የምትለው። ፊቷ በራ። አልረገመችኝም፤ ያ ደስታዋ ነው የገደለኝ።

ከዚያ እንባዋን ጠርጋ ደብተሮቹን ወደ ጭኗ ሳበች። ተነስቼ ደህና ዋይ አልኳት። በእኛ አገር ጠላት እንኳ እስከ አጥሩ በር ይሸኛል። የሻለም ከተቀመጠችበት አልተነሳችም።