አሥራ አምስት ነጥብ ለደረት ሕመም

በደርግ ጊዜ፣ የሕክምና ተማሪዎች ሳለን፣ መምህሮቻችን አዲስ ዓይነት ፈተና አመጡብን። ከጣቢያ ጣቢያ እየዞርን በየጣቢያው አምስት ደቂቃ በሽተኛ እንጠይቃለን፤ ፈታኙ ጥግ ይዞ፣ መጠየቅ ያለበት ሁሉ በተጻፈበት ዝርዝር ላይ ምልክት ያደርጋል። ደወል ሲጮህ ጨረስክም አልጨረስክም ተነስተህ መሄድ ነው።

ከጥናት ቡድናችን አንዱ ወደቀ። ከደቡብ የመጣ ረጋ ያለ ልጅ ነው፤ ደወሉ ሁልጊዜ መሀል ላይ ይደርስበታል። ድጋሚውን ከወደቀ ይሰናበታል። እኔ ያለፍኩት ጉረኛ «ለእኔ ተዉት» አልኩ።

ከሾላ ገበያ በላይ በተከራየናት ክፍል ጣቢያ አዘጋጀሁ፦ ሁለት ወንበር፣ ደወል ያለው የጠረጴዛ ሰዓትና የአሥራ አምስት ነጥብ ዝርዝር። የት ነው? መቼ ጀመረ? ይወጋል፣ ያቃጥላል ወይስ ይጫናል? ወደ ክንድ ወይም ወደ መንጋጋ ይሄዳል? ምን ያስነሳዋል፣ ምን ያስታግሰዋል? ላብ፣ ትንፋሽ ማጠር፣ ግፊት፣ ስኳር፣ ሲጋራ፣ ከቤተሰብ በድንገት የሞተ፣ እያለ ይቀጥላል።

በሽተኛዋ አከራያችን ነበሩ፤ ሾላ ገበያ በርበሬ የሚሸጡ እናት። «ዳገት ሲወጡ ይጫንዎታል፣ ሲያርፉ ይተውዎታል። የሞተ አለ ወይ ስንልዎት የለም ይበሉ» ብዬ አስጠናኋቸው።

«ሳልታመም ልታመም? ይሁን እንግዲህ» ብለው ሳቁ።

ለማሳየት መጀመሪያ እኔ ገባሁ። በአራት ደቂቃ አሥራ አምስቱንም ጠይቄ ጨረስኩ፤ የሞተ አለ ወይ ስላቸውም እንዳስጠናኋቸው «የለም» አሉኝ።

እሱ ግን «እማማ፣ እስቲ ሕመምዎን ይንገሩኝ» ብሎ ዝም አለ። በንዴት ጥርሴን ነከስኩ። እማማ ግን ዳገቱን፣ ሸክሙን፣ ክንዳቸውን፣ ላቡን ሁሉ በራሳቸው ጊዜ አወሩ። ሁለተኛ ጥያቄውን ሳይጠይቅ ስምንት ምልክት አደረግኩለት። በሽተኛው ራሱ የነገረውም ነጥብ መሆኑን ዝርዝሩን ስጽፍ አላሰብኩትም ነበር።

«ከቤተሰብዎ በድንገት የሞተ አለ?» አላቸው።

እማማ ጉልበታቸውን አሻሹ። «አለ። የበኩር ልጄ። በልብ ግን አይደለም።»

በቀይ ሽብር እንደተገደለ፣ እንዳያለቅሱለትም እንደተከለከሉ ሰፈሩ ያውቃል፤ አፉን ሞልቶ የሚያወራው ግን አልነበረም። ጓደኛዬ «ነፍስ ይማር» ብሎ ተቀመጠ። ደቂቃዋ እያለቀች ነው፣ ስኳርና ሲጋራ ቀርተዋል፣ ልጎሽመው ቃጣኝ። እማማ በነጠላቸው ዓይናቸውን ጠርገው «በል ጠይቀኝ» እስኪሉት ድረስ አልተንቀሳቀሰም። ስኳርን ጠየቀ፤ ሲጋራ ላይ ሰዓቱ ጮኸ። አሥራ አራት።

በሳምንቱ ድጋሚውን አለፈ፤ ከእሱ ይልቅ የጨፈርኩት እኔ ነኝ። የልምምዱ ቀን ግን ወንበሮቹን ስንመልስ እማማን እንደ ቀልድ «እኔ ስጠይቅዎት እኮ የለም ነበር ያሉኝ» አልኳቸው።

«አንተ መች ልትሰማ ጠየቅከኝ፣ ልጄ» አሉኝ።