ቀን ያጣው ስብሰባና የገርጂ ከብቶች

የመሥሪያ ቤታችን ሥራ አስኪያጅ ሆዱ ከእሱ ቀድሞ ቢሮ የሚገባ፣ ወኔው ግን ገና ከቤት ያልወጣ ሰው ነበር። በደርግ ጊዜ ቦሌ መንገድ ላይ እንዲህ ያለ አለቃ በየፎቁ ሞልቶ ነበር፤ የእኛው ግን የሁሉም አውራ ነው። ገርጂ ያለውን መጋዘናችንን ሲያሳጥር የገበሬዎቹ ከብቶች ወደ ወንዝ የሚወርዱበትን መንገድ አብሮ አጠረው። ከብቶቹ አጥሩን ዞረው ውሃ እስኪደርሱ ጥጃው ወይፈን ይሆናል። የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር፣ አንድ ቀጭን ሽማግሌ፣ «በር ይከፈትልን» ብለው አመለከቱ። ለሐሙስ ስብሰባ ተያዘ።

ረቡዕ ትእዛዝ መጣ፦ የውጭ አገር መሪ ስለሚገባ ሠራተኛው ከነገ ጀምሮ ባንዲራ ይዞ መንገድ ዳር ይሰለፍ፤ የሚያርፍበት ሰዓትም ቀንም አይነገርም።

አለቃዬ ፊቱ በራ። «ለገርጂዎቹ ስብሰባው በሥራ መደራረብ ተላልፏል በላቸው።»

«ለመቼ ልበል ጓድ?»

«ለሌላ ጊዜ!»

በእኛ ቤት «ሌላ ጊዜ» የሚባል ቀን ነግቶ አያውቅም። አቧራውን እያቦነንኩ ገርጂ ሄድኩ።

«አባባ፣ የነገው ስብሰባ ቀርቷል» አልኳቸው። «ሥራ ተደራርቦ አይደለም፤ ባንዲራ ልናውለበልብ ነው። እንግዳው መቼ እንደሚገባ ስለማናውቅ ቀን ቆርጬ ብነግርዎ ውሸት ነው። ግን ቶሎ ሁለት ሦስት አማራጭ አቀርብልዎታለሁ፤ የሚመችዎን ይመርጣሉ።»

ሽማግሌው ሳቁ። «ሥራ በዛ፣ ሥራ በዛ ስትሉን የኖራችሁት ይኼን ነው? እኛንም እኮ ውጡ ብለውናል ልጄ። እናንተ የት ጋ ነው የምትቆሙት?»

ነገርኳቸው።

ሐሙስ ፀሐዩ አስፋልቱን ያቀልጣል። አንድ ካድሬ ስም እየጠራ ይቆጣጠራል፤ ከሰልፍ የወጣ ወዮለት። አለቃዬ ለዳቦ መኪና ሳይቀር ባንዲራ ያውለበልባል። ሽማግሌው አምስት ገበሬ አስከትለው መጥተው አጠገቡ ቆሙ። አለቃዬ የሚገባበት ጉድጓድ ሲፈልግ አየሁት።

«አባባ፣ አማራጮቹን ይዣለሁ» አልኩ ጮክ ብዬ። «አንደኛ፣ እዚሁ፣ አሁን። ሁለተኛ፣ እንግዳው በገባ ማግስት ቢሮ። ሦስተኛ፣ በሚቀጥለው ሰኞ ገርጂ፣ አጥሩ ሥር።»

«አንደኛው ይስማማኛል።»

«እዚህ? ያለ አጀንዳ?» አለ አለቃዬ።

«አጀንዳው ውሃ ጠምቶት ገርጂ ቆሟል» አሉ ሽማግሌው።

አለቃዬ ካድሬውን አየ። መሸሻ የለም። «ይጠናል» አለ፤ «እናጠናዋለን» አለ። ሽማግሌው በትሕትና መልሰው ይጠይቁታል። ላቡ ክራቫቱን አልፎ ጫማው የደረሰ መሰለኝ።

«ይከፈትላችሁ! በቃ፣ ይከፈት!»

«መቼ?»

«ቅዳሜ!»

እንግዳው አመሻሽ ላይ መስኮቱ በመጋረጃ በተሸፈነ መኪና ሽው ብሎ አለፈ። አለቃዬ እንደዚያ ቀን ከልቡ አውለብልቦ አያውቅም።

ቅዳሜ በሩ ተከፈተ፤ ከብቶቹ እየተጋፉ ወረዱ። አለቃዬ ሊገኝ አልቻለም፤ ሥራ ተደራርቦበት።